ከሁለት 74HC138 ባለ 16 መውጫ ዲኮደር እንዴት ይሠራል

ባለ 16 መውጫ ዲኮደር ደሴም ኮምቦልቻም ከጠፋባችሁ ሁለት 74HC138 ይበቃችኋል። እያንዳንዱ ሦስት መግቢያና ስምንት መውጫ አለው። ብዙ ተማሪ ሁለቱን ሲያገናኝ ኖት ጌት ይጨምራል፤ እኔ ትርፍ ሽቦ ነው የምለው። ቺፑ ሦስት ኢነብል አለው፦ G1 በ1 ሲነቃ፣ G2A እና G2B በ0 ይነቃሉ። ስለዚህ ያው አንድ ሽቦ አንዱን ቀስቅሶ ሌላውን ያስተኛል።

መጀመሪያ ለሁለቱም ፒን 16ን ከ5 ቮልት፣ ፒን 8ን ከግራውንድ አገናኙ። የስልክ ቻርጀር ይበቃል። A፣ B እና C የተባሉትን (ፒን 1፣ 2፣ 3) የሁለቱን ቺፖች በየስማቸው አጣምሩና ወደ ሦስት ማብሪያ ውሰዱ፤ የማብሪያዎቹ ሌላ ጫፍ ከ5 ቮልት ይሁን። ቺፑ ካለበት ጫፍ ደግሞ ከየማብሪያው ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይግባ።

አራተኛው ማብሪያ D ከፍተኛው ቢት ነው፤ እሱም እንደ ሦስቱ 5 ቮልትና ሬዚስተር ይኑረው። ወደ አንደኛው ቺፕ G2A (ፒን 4) እና ወደ ሁለተኛው G1 (ፒን 6) ይሂድ። ከዚያ የአንደኛው G1 ከ5 ቮልት፣ G2B (ፒን 5) ከግራውንድ፤ የሁለተኛው G2A እና G2B ሁለቱም ከግራውንድ። D 0 ሲሆን አንደኛው ከ0 እስከ 7 ያሉትን፣ 1 ሲሆን ሁለተኛው ከ8 እስከ 15 ያሉትን ይይዛል። አንዱን ኢነብል ባዶ የተወ ሰው ምልክቱን ቶሎ ያያል፤ እጁን ወደ ቦርዱ ሲያስጠጋ መውጫዎቹ ይቀያየራሉ።

አሁን ተግባር እንሥራ፦ ከአራቱ ማብሪያዎች ልክ ሦስቱ ሲበሩ መብራት ይብራ። ይህ የሚሆነው በ7፣ 11፣ 13 እና 14 ነው። 7 የአንደኛው Y7 ነው። የቀሩትን ከሁለተኛው ቺፕ ለመውሰድ 8 ቀንሱ፦ Y3፣ Y5 እና Y6።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ ላይ ዲኮደርን ከኦር ጌት ጋር ስለምናየው እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። የዚህ ቺፕ የተመረጠ መውጫ ግን 0 ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ 1 ናቸው። ኦር ካስገባችሁ መብራቱ ምንጊዜም ይበራል፣ AND ጌት ካስገባችሁ ደግሞ ተገልብጦ ይሠራል። የሚያስፈልገው ናንድ ነው። 74HC20 ባለ አራት መግቢያ ናንድ ሁለት አለው፤ የአንዱ መግቢያዎች ፒን 1፣ 2፣ 4 እና 5 ናቸው፣ መውጫው 6። ፒን 3 ባዶ ነው፤ በተከታታይ ቆጥሮ እዚያ የሚሰካ አይጠፋም። ፒን 14 ወደ 5 ቮልት፣ 7 ወደ ግራውንድ፤ ያልተጠቀማችሁበትን የሁለተኛውን ናንድ መግቢያዎችም ከግራውንድ እሰሩ። ከፒን 6 በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ኤልኢዲውን ወደ ግራውንድ አብሩ።

መብራቱ በትክክል ቢበራም አትመኑ። «ልክ ሦስት» የማብሪያዎቹን ቅደም ተከተል ስለማይለይ፣ A እና C ቢቀያየሩ እንኳ ውጤቱ አንድ ነው። እውነቱን ለማወቅ ኤልኢዲ ከ5 ቮልት በሬዚስተር አድርጋችሁ ወደ አንደኛው ቺፕ Y1 (ፒን 14) አስገቡና A ብቻ አብሩ። ካልበራና C ብቻ ሲበራ ከበራ ሽቦዎቹ ተገልብጠዋል።