ጣሪያው መሬት ሆኖ እንዳይቀር፦ የመሀል አዲስ አበባን የሊዳር ነጥቦች ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሊዳር ነጥቦች ውስጥ የመሬቱን ብቻ ለመለየት ብዙዎቻችን PDAL ላይ `filters.smrf`ን እንጠቀማለን። መሀል አዲስ አበባ ላይ ግን ቁጥሮቹን ሳይነኩ ማስኬድ ጉድ ይሠራል።

`window`ን በአንድ ቤት ስፋት መለካት። ይህ ቁጥር ማጣሪያው ጠርጎ የሚያነሳውን ትልቁን ነገር ይወስናል። የሚቆጠረው በራዲየስ ነው። ሳትነኩት 18 ሜትር ስለሆነ፣ ወደ 36 ሜትር የሚሰፋ ሕንጻ ድረስ ያነሳል። ይበቃል ያስብላል። ፒያሳና መርካቶ አካባቢ ባሉት የድሮ ሰፈሮች ግን ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተያይዟል። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ እሱንም የጣሪያው ጫፍ ይሸፍነዋል። ጨረሩ መሬት የሚነካበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ለማጣሪያው ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቤት ነው። መለካት ያለባችሁ የተያያዘውን ጣሪያ ነው።

`window`ን ብቻ ማሳደግ። እኔን ብዙ ቀን ያስለፋኝ ይሄ ነው። የተያያዘው ጣሪያ 70 ሜትር ይሰፋል፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው እንበል። `window`ን 40 አደረግን። ጣሪያው አሁንም መሬት ሆኖ ይወጣል! ምክንያቱም ማጣሪያው የሚታገሰው የከፍታ ልዩነት `slope` በራዲየሱ ተባዝቶ ነው። `slope` ሳይነካ 0.15 ነው፤ 70 ሜትር የሚሰፋው ጣሪያ የሚነሳው ደግሞ ራዲየሱ ግማሹ፣ 35 ሜትር ላይ ሲደርስ ነው። 0.15 በ35 ሲባዛ 5.25 ሜትር ይመጣል። የ3 ሜትር ጣሪያ ከዚያ በታች ስለሆነ ያልፋል። `slope`ን ወደ 0.08 ስናወርድ ግን 2.8 ይሆናል፣ ጣሪያውም ይያዛል።

```
{"type": "filters.smrf", "window": 40, "slope": 0.08}
```

ይህንኑ ቅንብር ወንዝ ዳር መጠቀም። የቀበናን ወይም የባንቲቀጡን ገደል አስቡት። እዚያ መሬቱ ራሱ ከጣሪያ በላይ ድንገት ይወርዳል። 0.08 ያለው ማጣሪያ የገደሉን አፋፍ እንደ ሕንጻ ቆርጦ ይጥለዋል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ አትፈልጉት። ሰፈሩንና የወንዙን ዳር ለያይታችሁ አስኬዱ፣ ለገደሉ `window`ን አሳንሱ፣ `slope`ን ከፍ አድርጉ። ቁርጥራጮቹ ቢያንስ 100 ሜትር ይደራረቡ፣ አለዚያ መገናኛቸው ላይ እርከን ይፈጠራል።

ድልድይም አይረሳ። ሁለቱ ጫፎቹ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆኑ ማጣሪያው መሬት ይለዋል፤ የጎርፍ ሞዴላችሁ ውስጥ ወንዙ ግድብ ይገጥመዋል። ራስ መኮንን ድልድይን የመሰለውን በእጅ ወደ ድልድይ ክፍል፣ ማለትም ወደ ክፍል 17 አዛውሩት።

በሂልሼድ ብቻ ማረጋገጥ። ሂልሼድ ላይ ጠርዙ ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ መደብ ካያችሁ፣ ያ ጣሪያ ነው። ያማረ ለስላሳ መሬት ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። አንዳንዴ ከሥሩ አንድም ነጥብ የለም፣ ሶፍትዌሩ ከዳር እስከ ዳር ወጥሮ የሞላው ነው። 2 ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ሰፈሩን አቋርጣችሁ ውሰዱና ከጎን እዩት። ክፍል 2፣ ማለትም መሬት የተባሉት ነጥቦች መንገዱና ግቢው ላይ ተቀምጠው፣ ጣሪያዎቹ ከነሱ በላይ ተንሳፍፈው መታየት አለባቸው። በመካከል ነጥብ የሌለበትን ቦታ በፖሊጎን ከባችሁ ከሞዴሉ ጋር አስረክቡ። መሐንዲሱ የፍሳሽ መስመር የሚዘረጋው በዚያ ከፍታ ላይ ተመሥርቶ ነውና የተለካውንና የተገመተውን ለይቶ ይወቅ።