ሁልጊዜ ቀይ የሚያበራ ዳሽቦርድ፦ የምዝገባ መከታተያ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ በሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች የክረምት ትምህርት ለሚያዘጋጁ ሰዎች፣ ምዝገባውን ከዕቅዱ ጋር እያነጻጸረ የሚያሳይ ዳሽቦርድ በጎግል ሺትስ እሠራለሁ፤ ሌሎች የሠሩትንም እጠግናለሁ። ቅጹ ከሺቱ ጋር መያያዙንና የማየት ፈቃዱ መሰጠቱን አስቀድማችሁ እንዳረጋገጣችሁ እቆጥራለሁ።

ምልክት፦ ዳሽቦርዱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀይ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ አረንጓዴ ይሆናል።

ለጥገና ከምጠራባቸው ጉዳዮች አብዛኛው ይህ ነው። መንስኤው የሠራው ሰው ዕቅዱን በቀናት ቁጥር እኩል ማካፈሉ ነው። ምዝገባው 42 ቀን የሚቆይ፣ ዕቅዱም 240 ልጅ ከሆነ፣ 21 ቀን ሲቀር 120 ልጅ መመዝገብ አለበት ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ወላጅ ግን እንደዚያ አይመዘግብም። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ይጠብቃል፣ ደመወዝ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ጎረቤት ማንን እንዳስመዘገበ ያያል፤ ከዚያ በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። እኔ ከያዝኳቸው ያለፉ ሁለት ዙሮች በአማካይ 21 ቀን ሲቀር የተመዘገበው ከጠቅላላው 20 በመቶ፣ 14 ቀን ሲቀር 34 በመቶ፣ 7 ቀን ሲቀር ደግሞ 58 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ 21 ቀን ሲቀር ትክክለኛው ግብ 48 ልጅ እንጂ 120 አይደለም።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ አዘጋጅ በዚያው ቀን 52 ልጅ ይዘው፣ ማለትም ከሚጠበቀው ትንሽ ቀደም ብለው ሳለ፣ ቀዩን አይተው ደነገጡና ከክፍያው 20 በመቶ ቀነሱ። ልጆቹ ያለ ቅናሹም ይመጡ ነበር። ሌላዋ አዘጋጅ ደግሞ በተቃራኒው ቀዩን ለምደውት ነበር፤ ስልክ ስደውልላቸው «ልጄ፣ ይሄ ነገር መቼም ቀይ ነው፤ ምን ብዬ አየዋለሁ?» አሉኝ።

መፍትሔው ያለፈውን ዙር መዝገብ አውጥቶ፣ እያንዳንዱን ምዝገባ በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ትምህርቱ ሊጀመር በቀሩት ቀናት መደርደር ነው። `Pace` በሚባል ገጽ ላይ በመጀመሪያው ዓምድ የቀሩትን ቀናት አንድም ቀን ሳትዘሉ፣ በሁለተኛው ዝቅተኛውን፣ በሦስተኛው ከፍተኛውን ድርሻ አስገቡ። ከዚያ ዕቅዱ `H1` ላይ፣ ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀን `H2` ላይ ካለ፣ የዛሬው ዝቅተኛ ግብ እንዲህ ይወጣል።

```
=H1*VLOOKUP(H2-TODAY(),Pace!A:C,2,FALSE)
```

አንድ መስመር ብቻ አታስምሩ፤ ሁለት መስመር አስምራችሁ በመካከላቸው ያለውን ሰፊ መንገድ አሳዩ። በእኔ መዝገብ 14 ቀን ሲቀር አንደኛው ዙር 30 በመቶ፣ ሌላኛው 38 በመቶ ላይ ነበር፤ ልዩነቱ በአንደኛው ያ ቀን ደመወዝ ሳይወጣ፣ በሌላኛው ከወጣ በኋላ በመዋሉ ነው። ስለዚህ የደመወዝ ሰሞኑን በሥዕሉ ላይ ምልክት አድርጉበት። ቀዩ የሚበራው ቁጥሩ ከታችኛው መስመር በታች ለሁለት ተከታታይ ቀናት ሲቆይ ብቻ ይሁን፤ አንድ ቀን መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ባይኖር ማንም አይደንግጥ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ20 በመቶው ምዕራፍ በፊት የመጨረሻውን ቁጥር የሚተነብይ ሳጥን አታስቀምጡ። ገና 5 በመቶ ላይ ሳላችሁ ሦስት ልጆች ያሏት አንዲት እናት ብትመጣ ትንበያው በ60 ልጅ ይዘላል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በሥዕሉ ላይ ውሳኔ የሚሰጥባቸውን ቀናት በቋሚ መስመር አስምሩ። የአዳራሹ ቀብድ የሚከፈልበትና የተጨማሪ መምህር ውል የሚፈረምበት ቀን ካለፈ በኋላ የሚበራ ቀይ ለማንም አይጠቅምም።

ምልክት፦ ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ነው፤ ገንዘቡ ግን የለም።

ግቡን ካስተካከልን በኋላ፣ እኒያን ቀዩን የለመዱትን አዘጋጅ በቀጣዩ ክረምት 14 ቀን ሲቀር ዳሽቦርዱ 96 ምዝገባ አሳያቸው። የእሳቸውም ዕቅድ 240 ስለነበር መንገዱ ከ72 እስከ 91 ነው፤ ስለዚህ ከላይኛው መስመርም አልፈዋል ማለት ነው። እሳቸው ተደሰቱ፤ እኔ ግን የባንክ ሒሳቡን ደረሰኝ ከሺቱ ጋር ሳመሳክር ከ96ቱ 7ቱ ድግግሞሽ፣ 31ዱ ያልከፈሉ፣ የከፈሉት 58 ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ዳሽቦርዱ የሚቆጥረው ልጅን ሳይሆን የሺቱን መስመር ነበር፤ ያለፉት ዙሮች መንገድ ግን በከፋዮች ብቻ የተሰላ ነው። ሁለቱ በተለያየ መሠረት ከተቆጠሩ ማነጻጸሩ ትርጉም የለውም።

58ቱ ምን እንደሚነግረን እንይ። ለ38 በመቶ ሲካፈል 153፣ ለ30 በመቶ ሲካፈል 193 ይመጣል። በጥሩው ግምት እንኳ 240 አይሞላም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደመወዝ ወጥቶ ስለነበር በእሱ ማመካኘት አይቻልም። አራተኛ መማሪያ ክፍል ለሚሆነው አዳራሽ ቀብድ የሚከፈለው 10 ቀን ሲቀር ስለነበር ገና አራት ቀን ነበረን። ሠላሳ አንዱን ያልከፈሉ ወላጆች አንድ በአንድ ደወልንላቸው፤ በሦስት ቀን ውስጥ 19ኙ ከፈሉ። የአራተኛው መማሪያ ክፍል ቀብድ ሳይከፈል ቀረ። ምዝገባው በ176 ተዘጋ፤ ባለ 60 ልጅ ሦስት ክፍሎች በቂ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በምሠራው ሁሉ «ተመዝግቦ ያልከፈለ» የሚለው ቁጥር ከነስንት ቀኑ ለብቻው ይታያል፤ ሊደወልለት የሚችለው ሰው እዚያ ነውና።

ድግግሞሽን ለመያዝ ስልክ ቁጥሩን አንድ ዓይነት ማድረግ ያስፈልጋል። አንዱ በ09፣ አንዱ በ+251፣ ሌላው ክፍተት እያደረገ ይጽፋል፤ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ አሃዞች ግን አንድ ናቸው።

```
=RIGHT(REGEXREPLACE(TO_TEXT(B2),"[^0-9]",""),9)
```

በስልክ ብቻ ድግግሞሽ የምትሰርዙ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ወንድማማቾች በአንድ ስልክ ይመዘገባሉ፤ ይህን ያላሰበ አንድ ሠሪ የአንድ ቤት ሦስት ልጆችን ወደ አንድ ቀንሶ፣ ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆመው ቀሩ። በስልክና በስም ማድረግም አያዋጣም፤ አባት «ፀሐይ»፣ እናት «ጸሀይ» ብለው ከጻፉ ኮምፒውተሩ ሁለት ልጅ ያያል። ስልክንና የክፍል ደረጃን አጣምሩ፤ የተመሳሰለውን ግን ቀለም ቀቡት እንጂ አትሰርዙት፤ መንትዮችም አሉ፤ ሰው አይቶ ይወስን።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የማታው ምዝገባ በሌላ ቀን ከተቆጠረ፣ `File` ውስጥ `Settings` ገብታችሁ የሰዓት ክልሉን ወደ GMT+3 መልሱ።

ግራፉ በድንገት ወደ ኋላ ከሄደ፣ አንድ ሰው በእጁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን አስገብቷል።

ቁጥሩ ለሁለት ቀን ካልተነቃነቀ፣ ምዝገባው ቆሟል ከማለታችሁ በፊት የመጨረሻው መረጃ የገባበትን ሰዓት ከቁጥሩ ሥር በ`=MAX('Form Responses 1'!A2:A)` አሳዩ፤ ከዚያ ቢሮ ሄዳችሁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር ግለጡ። ባለፈው ክረምት ገና ወደ ሺቱ ያልገቡ 14 ልጆች ያገኘሁት እዚያ ነው።