አብድ፣ ቢን፣ አል፦ የዓረብኛ ስም ሲያስቸግር

ዜና መተርጎም በጀመርኩ ሰሞን ስለ ሳዑዲው አልጋ ወራሽ መሐመድ ቢን ሳልማን ጽፌ፣ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ሳልማን እንዳሉት» አልኩ። አለቃዬ አንብቦ «ንጉሡም ተናግረዋል እንዴ?» አለኝ።

ስሙን ሳሳጥረው ሌላ ሰው ሆነብኝ

ጥፋቱ ያለው ቢን ላይ ነው። ቢን «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው፤ ለሴት ቢንት ይባላል። መሐመድ ቢን ሳልማን፣ የሳልማን ልጅ መሐመድ። እኛም ስማችን ላይ የአባት ስም እናስከትላለን፣ «ልጅ» የሚለውን ግን አንጽፈውም። እነሱ ይጽፉታል። ስለዚህ ቢንን ቆርጠህ «ሳልማን» ብቻ ካልክ አባቱን፣ ንጉሡን ጠራህ ማለት ነው። ማሳጠር ካለብህ «ቢን ሳልማን» በል፤ ዓረቦቹም እንደዚያ ይላሉ። ደግሞ ቢን ሁሌ አባት ላይ አይቆምም። የኢብን ሲና አባት አብዱላህ ነው፣ ሲና ራቅ ያለ ቅድመ አያት ነው። ኢብንና ቢን ያው አንድ ቃል ናቸው።

ፎርሙ ላይ ስሙ «አብዱል» ብቻ ሆኖ ቀረ

ይሄ ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ነው። አብዱልራህማን የሚለውን ስም ውሰድ። አብድ አገልጋይ ወይም ባሪያ ማለት ነው፣ መጨረሻው ላይ የምትሰማት «ል» ደግሞ የሚቀጥለው ቃል መነሻ ናት። «አብዱል» ብለህ ስትቆም «የ… አገልጋይ» ብለህ አፍህን ከፍተህ እንደመቅረት ነው። የማን? ቀሪው «ራህማን» ደግሞ የፈጣሪ ስም ስለሆነ ሰውን በሱ ብቻ መጥራት ብዙ አማኝ አይወድም። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ፎርም ስትሞላ ሁለቱን አጋጥመህ `Abdulrahman` ብለህ በመጀመሪያ ስም ሳጥን አስገባው። ፓስፖርቱ ላይ `Abdurahman` ከተባለ ግን ፓስፖርቱን ተከተል። ሁለቱም ያው ስም ናቸው፣ «ር» ፊት «ል» በንግግር ስለምትዋጥ ነው እኛም አብዱራህማን የምንለው። ሰፈር ውስጥ «አብዱ» ብሎ መጥራት ችግር የለውም፣ ሰነድ ላይ ግን አይሆንም።

የቀድሞው የግብጽ ፕሬዚዳንት ጋማል አብድል ናስርም የዚሁ ሰለባ ናቸው። ስማቸው ጋማል፣ የአባታቸው ስም አብድል ናስር ነው። ዓለም ግን «ናስር» ብሎ ለመደ። አሁን ማን ይመልሰዋል?

ዝርዝሩን በፊደል ሳስቀምጥ ሁሉም «አ» ሥር ተከመረ

አል የኛን «ሰውዬው» ላይ ያለችውን «ው» ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው። ስትደረድር ዝለለው፤ አል ሲሲን «ሰ» ሥር አስቀምጥ። ስታሳጥርም «ሲሲ» ብትል ያስኬዳል።

አል ሳዑድ ላይ ግን እጅህን ሰብስብ። በኛ ፊደል ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ቃል ነው፦ «ቤተሰብ» ማለት ነው፣ ድምፁም ረዘም ይላል። ዓረብኛውን ካገኘህ እየው፦ አንደኛው ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ال ተብሎ ይጻፋል፣ የቤተሰቡ ግን ብቻውን ቆሞ አናቱ ላይ ሞገድ የመሰለች ምልክት አለችው፣ آل። ይሄን ከቆረጥከው ቤተሰቡ በሙሉ ጠፍቶ ሳዑድ የሚባል አንድ ሰውዬ ይቀርሃል።