ጎኩን፣ ቬጂታንና ባርዶክን በአንድ እይታ ለመለየት

የአኒሜ ገጸ ባሕሪያት ሲመሳሰሉባችሁ በፀጉር ቀለም አትመኑ፤ ቅርጹን ተመልከቱ። በድራጎን ቦል የሳይያን ተዋጊ ዘር የሆኑት ጎኩና ቬጂታ ሱፐር ሳይያን ወደሚባለው ኃያል መልክ ሲለወጡ የሁለቱም ጥቁር ፀጉር ወርቃማ፣ ጥቁር ዓይናቸውም አረንጓዴ ስለሚሆን ቀለም አይለያቸውም። የጎኩ ፀጉር ሽቅብ ቢቆምም ጥቂት ዘለላ ግንባሩ ላይ ይወርዳል። የቬጂታ ግን እንደ ነበልባል ወደ ላይ ይነሣል፤ ግንባሩ ሙሉ በሙሉ ገላጣ ነው።

የሚያስቸግረው የጎኩ አባት ባርዶክ ነው፤ ፀጉሩ ቁርጥ የልጁ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ልብስ ያያሉ፦ ጎኩ ብርቱካናማ የትግል ልብስ፣ ባርዶክ የሳይያን ጥሩርና ግንባሩ ላይ ቀይ ጨርቅ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ጎኩም ከጠላቱ ከሴል ጋር ከመግጠሙ በፊት ለጥቂት ጊዜ ጥሩሩን ለብሶ ነበር፤ የባርዶክ ቀይ ጨርቅም በአንዳንድ ሥሪቶች ላይ የለም። ስለዚህ ዓይናችሁን ወደ ጉንጩ መልሱ። መስቀለኛ ጠባሳ ካለበት ባርዶክ ነው። ማንጋውን በጥቁርና ነጭ ስታነቡ እንኳ ይህ ምልክት በግልጽ ይታያል።