ገንዘቡ ከውጭ፣ ዕቃው ለቤተሰብ፦ የትዕዛዝ መዝገብ ሲምታታ የሚደረግ ማስተካከያ

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል ለበዓል ሰሞን ወደ ሱቃችን የሚመጡ ትዕዛዞች አንድ የተለመደ ጠባይ አላቸው። የሚያዘው፣ የሚከፍለው፣ ዕቃው የተላከለትና በር ላይ የሚረከበው አራት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች ከሞላ ጎደል የሚመነጩት እነዚህ አራት ሰዎች በመዝገቡ ላይ «ደንበኛ» በሚል አንድ ዓምድ ውስጥ ስለሚጻፉ ነው።

ለማሳያ አንድ ትዕዛዝ እንውሰድ። በዋሽንግተን የምትኖር ልጅ ለ2017 ፋሲካ ለእናቷ አንድ በግ፣ 25 ኪሎ ጤፍና 5 ሊትር ዘይት በስልክ አዘዘች፤ ክፍያውን የፈጸመው ግን ባለቤቷ ነው።

ምልክት፦ ገንዘብ ገብቷል፤ የየትኛው ትዕዛዝ እንደሆነ አይታወቅም

የመጀመሪያው መንስኤ ስም ነው። መዝገቡ ላይ የልጅቷ የቤት ስም ተጽፎ ሳለ በባንኩ መልእክት ላይ የሚታየው የባለቤቷ ስም ወይም ገንዘቡን ያስተላለፈው ድርጅት ስም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መንስኤ ሰዓት ነው። ባለቤቷ የከፈለው ሐሙስ በዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትዘገይ ገንዘቡ እኛ ዘንድ የደረሰው ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ስለዚህ እርሱ የላከው ስክሪንሾት 04/17/2025 ሲል የባንካችን መልእክት ኤፕሪል 18 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ሚያዝያ 10 ነው። የሐሙሱን ዝርዝር ብቻ የሚያይ ሒሳብ ያዥ ገንዘቡን አያገኘውም።

መፍትሔው ትዕዛዙን እንደተቀበሉ ቁጥር መስጠት፣ ከፋዩ ያንን ቁጥር በክፍያው የምክንያት ቦታ ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ፣ ከዚያም መዝገቡን እንዲህ መያዝ ነው፦

ትዕዛዝ ቁጥር፦ 31
ያዘዘ፦ ልጅ፣ የውጭ ስልክ ቁጥሯ
የከፈለ፦ የልጅቷ ባለቤት፣ ስሙ በባንክ ሰነዱ ላይ እንደተጻፈው
የክፍያ ማስረጃ፦ የግብይት መለያ ቁጥር፤ በሒሳባችን የገባበት ቀንና ሰዓት፣ መልእክቱ ላይ እንዳለ
ተቀባይ፦ እናት፣ ስልክ፣ ሳይት፣ ፕሮጀክት፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር
የተረከበ፦ (በር ላይ የሚሞላ)

ቀኑን በቃል አስልቶ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ መጻፍ አይመከርም፤ አስፈላጊ ከሆነ ከጎኑ ይጨመር እንጂ ሰነዱ ላይ ያለው ቀን መጥፋት የለበትም። ብሎክ ቁጥር ብቻውን አድራሻ እንደማይሆንም ሊሰመርበት ይገባል፤ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ብሎክ በሌላ ፕሮጀክት ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ምልክት፦ ስክሪንሾት ተልኳል፤ ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ የለም

ክፍያው ገና በሂደት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ምስሉም የተቀየረ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም መንገድ ስክሪንሾት የከፋዩ ቃል እንጂ የክፍያ ማረጋገጫ አይደለም። ገንዘቡ በሒሳባችን እስኪታይ ድረስ ትዕዛዙ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይቆይ፤ በጉም ከበረት አይውጣ።

ምልክት፦ አድራሹ «አድርሻለሁ» ይላል፤ ያዘዘችው ልጅ «እናቴ አልደረሰኝም አለች» ትላለች

ከሁሉም በላይ ቅሬታ የሚያስነሳው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው አልጠፋም፤ እናት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ጎረቤት፣ የቤት ሠራተኛ ወይም የግቢ ጥበቃ ተረክቦታል። አድራሹ የያዘው ማስረጃ ደግሞ በር ላይ የተቀመጠ ጆንያ ፎቶ ብቻ ነው፤ ያ ፎቶ ዕቃው የት እንደነበረ እንጂ ማን እንደወሰደው አያሳይም።

ክፍያው ሲረጋገጥ ለከፋዩ ወይም ላዘዘችው ልጅ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ይላክ፤ እርሷ ለእናቷ ትነግራለች፣ እናት ደግሞ ዕቃውን አይተው ከተረከቡ በኋላ ለአድራሹ ይነግራሉ። አድራሹ ቁጥሩን አስቀድሞ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ማስረጃነቱ ያበቃል። የተነገረውን ቁጥር ለሱቁ ደውሎ ያረጋግጣል፣ ከዚያም የተረከበው ሰው ሙሉ ስም፣ ለተቀባይዋ ያለው ዝምድና፣ ሰዓቱና ፊርማው በመረከቢያው ላይ ይሰፍራል። ፊርማ የማይችሉ እናት በጣት አሻራ ይረከባሉ። የፊታቸውን ፎቶ ማንሳት ካስፈለገ ፈቃዳቸው ይጠየቅ፤ ፎቶውም ለከፋዩ ብቻ ይላክ።

ትዕዛዙ ድንገተኛ ስጦታ ከሆነ ልጅቷ ቁጥሩን የምትናገረው አድራሹ በር ላይ ሲደርስ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ብናደርስ በእርሷ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሚሆን ስልክ አታነሳም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ማድረስ ይሻላል። በመረከቢያው ላይም የዕቃው ዓይነትና መጠን ይጻፍ እንጂ ዋጋ አይጻፍ፤ ደረሰኙ ለከፋዩ ይላካል።

ምልክት፦ ተቀባይዋ «ዘይት አለኝ፣ ገንዘቡን ስጡኝ» ይላሉ

ጥያቄያቸው ቅን ነው፣ ነገር ግን ገንዘቡ የከፋዩ ነው። አድራሹ ዘይቱን «ተመላሽ» ብሎ ይመዝግብ፣ እናትም ይፈርሙበት፤ ገንዘቡ ለእናት የሚሰጠው ከፋዩ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ሲሆን፣ መልእክቱም ከትዕዛዝ ቁጥር 31 ጋር ተያይዞ ይቀመጣል።