«ተመላሽዎ ተፈጽሟል» የሚለውን መልእክት እንዴት እንዳስተካከልነው

ለጥምቀት ጎንደር አልጋ ይዘው የሰረዙ እንግዶች «ተመላሽዎ ተፈጽሟል፤ በቅርቡ ይደርስዎታል» የሚል አጭር መልእክት ይደርሳቸው ነበር። ጥፋቱ «ተፈጽሟል» ላይ ነው። የተፈጸመው መላኩ ብቻ ሲሆን፣ እንግዳው ግን ገንዘቡ ገብቷል ብሎ ሒሳቡን ያያል፤ ሲያጣው ይደውላል። አሁን የሚላከው ይህ ነው፦

«2,700 ብር ልከናል (ከ3,000 ላይ የስረዛ 300 ተቀንሶ)። የሚገባው ክፍያው በተፈጸመበት፣ በ4821 በሚያልቀው ሒሳብ ነው። እስከ ሐሙስ ጥር 14 ካልገባ ይደውሉልን።»

ተቀናሹ ካልተጻፈ 3,000 የሚጠብቅ ሰው ጎደለብኝ ይላል። ሒሳቡን በመጨረሻ አራት አሃዞች መለየት የግድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ወንድም ወይም ልጅ ስለሆነ አልጋውን የያዘው ሰው በራሱ ሒሳብ ይፈልገዋል።

«በ3 የሥራ ቀን» ከማለት ቀኑን ራሱን መጻፍ ይሻላል። ዓርብ ጥር 8 ቀን 2018 የተላከ ገንዘብ ቅዳሜ፣ እሁድና ሰኞ የሚውለው ጥምቀት ሳይቆጠሩ ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነው። ስሌቱን ለእንግዳው መተው አይገባም፤ ሲስተሙ የበዓላት ሰንጠረዥ ይኑረው።

በግዕዝ ፊደል አንድ አጭር መልእክት 70 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ሲቀጠል እያንዳንዱ ክፍል 67 ነው። ከላይ ያለው አዲሱ መልእክት 108 ስለሆነ እንደ ሁለት መልእክት ያስከፍላል። ለማሳጠር ከተፈለገ ሌላ ቃል ይቅር እንጂ የሒሳቡ አሃዝ አይነካ።