በአንድ ግጥሚያ ስንት ብር ይመደባል? ሩብ ኬሊ እንዴት እንደሚሰላና ሙሉው ለምን እንደሚያስበላ

ግጥሚያ መምረጥ ላይ ሁሉም ሰው ሊቅ ነው። ስንት ብር ይመደብ ሲባል ግን አብዛኛው በስሜት ነው የሚሄደው። «ይቺ እርግጠኛ ናት» ካለ 2,000፣ ጥርጣሬ ከገባው 200። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከዚያ ኬሊ የሚባል ቀመር አገኘሁና ቀመሩ ያለኝን ያህል፣ ሳልቀንስ፣ ሙሉውን መመደብ ጀመርኩ። ያ ደግሞ ይባስ ብሎ 20,000 ብሬን ግማሽ አደረሰው። በጣም ያናደደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመረጥኳቸው ግጥሚያዎች በጥቅሉ አትራፊ ነበሩ። ያስበላኝ የመደብኩት መጠን ነው።

መጀመሪያ ካፒታላችሁን ለዩ። ቢጠፋ የቤት ኪራይ የማይነካ፣ ለውርርድ ብቻ የተቀመጠ ብር ማለቴ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ብር ፐርሰንት ነው። ደመወዝ ሲገባ እየጨመራችሁ፣ ሲቸግራችሁ እየቀነሳችሁ ከሆነ ስሌቱን እርሱት።

ቀጥሎ ኦዱ። ኦዱ 2.10 ከሆነ 100 ብር መድባችሁ ከበላችሁ 210 ይመለስላችኋል፤ የተጣራው ትርፍ 110 ነው። ከአሸናፊ ብር ላይ ግብር የሚቆረጥባችሁ ከሆነ፣ በስክሪኑ ላይ ያለውን ኦድ ሳይሆን ተቆርጦ እጃችሁ የሚገባውን ይዛችሁ አስሉ። ይሄን የሚረሳ ሰው ብልጫ አለኝ እያለ በየሳምንቱ ብሩን ይሰጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ደረጃ እንምጣ፤ እኔን የጣለኝም ይሄው ነው። ቡድኑ የማሸነፍ እድሉ ስንት ነው?

አንድ የፕሪሚየር ሊግ ዓይነት ግጥሚያ እንውሰድ። ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.40፣ እንግዳው 3.60። አወራራጁ ቤት ምን እያሰበ እንደሆነ ለማወቅ 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍሉ። 47.6፣ 29.4 እና 27.8 ፐርሰንት ይመጣል። ስትደምሩት 104.8 ይሆናል። ከ100 በላይ ያለችው 4.8 የቤቱ ድርሻ ናት፤ ከማንኛውም ውጤት በፊት የተቆረጠች። እሷን ለማውጣት 47.6ን ለ1.048 አካፍሉ። 45.4 ፐርሰንት። እንግዲህ ገበያው ባለሜዳው ከ100 ጊዜ 45 ጊዜ ያህል ያሸንፋል እያለ ነው።

እናንተ ለማትረፍ ግን 45.4ን መብለጥ አይበቃችሁም። 47.6ን ነው መብለጥ ያለባችሁ፤ ምክንያቱም የሚከፈላችሁ በ2.10 ነው። በመካከል ያለችው ክፍተት የቤቱ ናት።

እኔ ያኔ በኤክሴል የሠራሁት ነገር ነበረኝ። ጎል፣ ሙከራ፣ የተጎዱ ተጫዋቾች፣ ሁሉንም አስገብቼ ለእንዲህ ዓይነት ግጥሚያ 52 ፐርሰንት ይለኛል። ደስ ይላል። ግን ቆም ብዬ ያላሰብኩት ነገር አለ፤ 52 ማለት ብራቸውን ይዘው ኦዱን የሚገፉትን ሰዎች ሁሉ ከስድስት ነጥብ በላይ እበልጣለሁ ማለት ነው። ከባድ አባባል ነው። ለራሴ ሲሆን ግን ቀለለኝ።

ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ቀመሩ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ጆን ኬሊ በ1956 ያወጣው ነው፤ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። እድሉን በኦዱ አባዙ፣ 1 ቀንሱ። ይሄ ብልጫችሁ ነው። 0.52 × 2.10 = 1.092፣ ስለዚህ ብልጫው 9.2 ፐርሰንት። እሱን ለተጣራ ትርፉ፣ ማለትም ለ1.10 አካፍሉ። 8.36 ፐርሰንት ይሰጣል። ካፒታሉ 20,000 ከሆነ 1,670 ብር አካባቢ በአንድ ግጥሚያ። ይሄ ነው ሙሉ ኬሊ። ብልጫው ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከወጣ የሚመደበው ዜሮ ነው፤ ትንሽ እንኳን አይደለም፣ ዜሮ። በአመዳደብ ብልሃት የሚድን ከሳሪ ምርጫ የለም።

እድሉን በትክክል ካወቃችሁት ሙሉ ኬሊ ካፒታላችሁን በረጅም ጊዜ በፍጥነት የሚያሳድገው መጠን ነው። ያ እውነት ነው። ችግሩ «ካወቃችሁት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

የእኔን ታሪክ በቀላል ቁጥር ላስቀምጠው። ሁሉም ኦድ 2.10 ነው እንበል፣ 500 ግጥሚያ። እኔ 52 ፐርሰንት ብዬ 8.36 ፐርሰንት እየመደብኩ ሄድኩ። የበላሁት ግን 49 ፐርሰንቱን፣ ማለትም 245ቱን ነው፤ በ255ቱ ተበላሁ። በየግጥሚያው እኩል 500 ብር እየመደብኩ ቢሆን ኖሮ 7,250 ብር አትርፌ ነበር። አስሉት። በ8.36 ፐርሰንቱ ግን እያንዳንዱ ድል ካፒታሉን በ1.092 ያባዛል፣ እያንዳንዱ ሽንፈት በ0.916። 245 ጊዜ በዚያ፣ 255 ጊዜ በዚህ ስታባዙት 20,000ው ወደ 9,800 ይወርዳል። የትኛው ቀድሞ መጣ የሚለው ለውጥ የለውም፤ ማባዛት ነውና።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። እውነተኛው እድል 49 ከሆነ ትክክለኛው ሙሉ ኬሊ 2.6 ፐርሰንት ነበር። እኔ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር የምመድበው። ከትክክለኛው መጠን ሁለት እጥፍ አካባቢ ስትደርሱ እድገቱ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፋችሁ ብልጫ እያላችሁ ትከስራላችሁ። ወደ ታች መሳሳት ግን ርካሽ ነው። ግማሹን ብትመድቡ ከእድገቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ይቀርላችኋል። ስለዚህ ስህተታችሁ ወዴት እንደሚያጋድል የማታውቁ ከሆነ ማነሱ ይሻላል። ደግሞ ወዴት እንደሚያጋድል እናውቃለን፤ በራሱ ግምት ላይ ዝቅ አድርጎ የሚሳሳት ተወራራጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ቀመሩ የሰጣችሁን በሩብ አባዙ። 8.36 ወደ 2.09 ይወርዳል፤ ከ20,000ው 418 ብር። ያንኑ 245 ለ255 ውጤት በዚህ መጠን ብትሄዱበት 20,000ው 24,000 አካባቢ ይሆናል። ያው ግጥሚያ፣ ያው ስህተት የሞላበት 52 ፐርሰንት።

ግምቴ ትክክል ነው ብትሉ እንኳን ሌላ ጣጣ አለ። በሙሉ ኬሊ ካፒታላችሁ አንድ ቀን ግማሽ የመሆን እድሉ ወደ 50 ፐርሰንት ይጠጋል። በግማሽ ኬሊ 12.5፣ በሩብ ኬሊ ከ1 ፐርሰንት በታች ነው። በእኛ ምሳሌ ስድስት ተከታታይ ሽንፈት ሲመጣ፣ በ500 ግጥሚያ ውስጥም ሦስት ጊዜ ያህል መምጣቱ የሚጠበቅ ነው፣ ሙሉው 20,000ውን 11,800 ላይ ያወርደዋል፤ ሩቡ 17,600 ላይ። 11,800 ላይ ሆናችሁ ማክሰኞ ማታ ሰባተኛውን ቀመሩ ባለው ልክ ትመድባላችሁ? እኔ አልመደብኩም። እጥፍ መደብኩ፣ «ይመለሳል» ብዬ።

አንዳንዶች በሩብ ከማባዛት ይልቅ ግምታቸውን ወደ ገበያው ይጎትቱታል። እኔ 52፣ ገበያው 45.4፤ መካከሉ 48.7 ነው። ቀመሩ ውስጥ ስታስገቡት 2.06 ፐርሰንት ይሰጣል፣ ከሩብ ኬሊ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ፣ ገበያውን እንዳልንቅ ያስታውሰኛል። ግምቱን ከጎተትኩ በኋላም ለእርግጠኝነት ግማሹን ብቻ እመድባለሁ፣ ስለዚህ በዚህ ግጥሚያ 1 ፐርሰንት፣ 200 ብር ገደማ። ያሰለቻል፤ ይሁን።

መሣሪያ ከተባለ ኤክሴል ወይም ስልክ ላይ ያለ ማንኛውም ሰንጠረዥ ይበቃል። ኦዱ A2፣ እድሉ B2፣ ካፒታሉ C2 ላይ ከሆነ፦

```
=MAX(0,(B2*A2-1)/(A2-1))*0.25*C2
```

መስመር ላይ ያሉትን ማስሊያዎች አልወዳቸውም። እድሉን ከየት አመጣኸው ብለው አይጠይቁም፤ ቁጥር ትሰጣቸዋለህ፣ የሚያምር ቁጥር ይሰጡሃል።

ቅዳሜ አምስት ግጥሚያ በአንድ ሰዓት ካላችሁ፣ ያልተፈቱት ትኬቶች ላይ ያለውን ብር ከካፒታሉ ቀንሱና ቀጣዩን አስሉ። በሙሉ ኬሊ አምስት ጊዜ 8.36 ማለት ከ40 ፐርሰንት በላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሜዳ ላይ ነው ማለት ነው። አንድ ግጥሚያ ላይ «ባለሜዳው ያሸንፋል» እና «ባለሜዳው ሁለት ጎል ያገባል» ብላችሁ ሁለት ትኬት ከቆረጣችሁ ደግሞ እንደ አንድ ቁጠሩት። አብረው ነው የሚሞቱት።

አሥር ግጥሚያ የሚሰካበት ረጅም ትኬት እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። የቤቱ 4.8 ፐርሰንት አሥር ጊዜ ሲባዛ 60 ፐርሰንት ይሆናል። የእናንተ ምርጫ ከገበያው የማይሻል ከሆነ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 62 ብር ተኩል ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ትኬት ሲያሳዩኝ ይሄን አልናገርም፣ ጓደኛ ያሳጣል።

አንድ ነገር ልመን። እውነተኛው እድል 49 ነበር ያልኩት በራሱ ግምት ነው። በ500 ግጥሚያ ውስጥ ውጤቱ በዕድል ብቻ ሁለት ነጥብ ያህል ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ስለዚህ ብልጫ አለኝ ወይስ የለኝም የሚለውን የበላሁትን በመቁጠር ብቻ ቶሎ ማወቅ አልችልም። ሩብ ኬሊም ብልጫ አይፈጥርም። እድሉ 46 ከሆነ ቀስ ብሎ ይበላችኋል፣ ይኸው ነው።

ስለዚህ ማስታወሻ ያዙ። በየትኬቱ የቆረጣችሁበትን ኦድ እና ጨዋታው ሊጀመር ሲል የነበረውን የመጨረሻ ኦድ ጎን ለጎን ጻፉ። በ2.10 ቆርጣችሁ ሊጀመር ሲል 2.00 ከሆነ፣ ይሄም ደጋግሞ ከታየ፣ ገበያው ዘግይቶ ወደ እናንተ እየመጣ ነው፤ ውጤት ሳይጠበቅ የሚታይ ጥሩ ምልክት ነው። እኔ ሁለት መቶ ያህል ትኬት እንዲህ ከመዘገብኩ በኋላ አቻ ላይ የምቆርጣቸው ኦዳቸው ከቆረጥኩ በኋላ እየጨመረ እንደሚሄድ አየሁ። አቻን ከሰንጠረዡ አወጣሁት። ባለሜዳ ላይ ያለችው ትንሽዬ ብልጫ ግን እስካሁን አለች፣ በ1 ፐርሰንት እየመደብኩባት ነው።